«ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ» ይላሉ

ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከማስተምራቸው ክፍሎች አንደኛው 58 ተማሪዎች አሉት። ጥያቄ ስጠይቅ ሁልጊዜ እጃቸውን የሚያወጡት ያው ስድስት ሰባት ልጆች ናቸው፤ ሌላው ዝም ነው። «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ፤ ፈተና ሲመጣ ግማሹ ይወድቃል። ተቆጥቻለሁ፣ መክሬያለሁ፣ ለተሳትፎ ማርክ እሰጣለሁ ብያለሁ፤ ማርኩን የወሰዱት እነዚያው ሰባቱ ናቸው። አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ በስሟ ጠርቼ ብጠይቃት አቀርቅራ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስም መጥራት ፈራሁ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ እያንዳንዱ መምህር በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ተግባራዊ ምርምር እንዲያቀርብ አዘዋል። አንድ ባልደረባዬ «ምን ያስጨንቅሻል? የእኔን የቆየውን ውሰጂና ሽፋኑን ቀይሪው፤ ለፖርትፎሊዮ ነው እንጂ ማን ያነበዋል» አለኝ። ልወስደው እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን የዚህ ክፍል ዝምታ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ እውነተኛውን ብሠራስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። የምፈራው ሁለት ነገር ነው። ክፍሌ እንዲህ ነው ብዬ በወረቀት ባሰፍር በሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ላይ ይመጣብኝ ይሆናል። ደግሞም ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ ኮሌጅ እያለሁ የተማርኩት ትርጉሙን ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?

የዝምታው ክፍል መምህርት፣ ከጅማ

*

የተወደድሽ እህቴ፣

ያንን በአንድ ድምፅ የሚወጣ «አዎ!» በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም ባዮሎጂ ሳስተምር ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ ለዓመታትም አምኜዋለሁ። ስለዚህ ምን እንደሚያስጨንቅሽ ለመገመት ብዙ አልተቸገርኩም። በተለይ የዚያች ልጅ ልቅሶ ከደብዳቤሽ ሁሉ በላይ በልቤ ቀርቷል፤ ወደ እርሷ በኋላ እመለሳለሁ።

ስለ ባልደረባሽ ወረቀት ብዙ አልናገርም። ልትወስጂው እጅሽን ዘርግተሽ እንደነበር መናገርሽ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ ያ ወረቀት ስለ ማን ክፍል ይናገራል? የሌላ ሰው ተማሪዎች ለምን ዝም እንዳሉ ብታነቢ፣ የአንቺ 58 ልጆች ሰኞ ጠዋት እንደዚያው ዝም ብለው ይጠብቁሻል። እንቅልፍ የነሳሽ ጉዳይ በእጅሽ እያለ የሌላ ሰው ጉዳይ መገልበጥ ሥራውን አያቀልልሽም፤ ሁለት ሥራ ያደርገዋል።

ፍርሃትሽ ግን ተገቢ ነው፤ «አትፍሪ» ብዬ አላልፈውም። ማስታወሻ ደብተርሽንና ለትምህርት ቤቱ የምታቀርቢውን ዘገባ ለይተሽ ያዣቸው። ደብተሩ የአንቺ ነው፤ ቁጥሩም፣ ስሕተቱም፣ ንዴቱም እዚያ ይጻፋል። ዘገባው ከደብተሩ መርጠሽ የምታወጪው ነው። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂጂና አሳብሽን አስረጂ፦ «በአንድ ክፍል ውስጥ የተሳትፎ ችግር መርጫለሁ፣ መጀመሪያ ችግሩን እለካለሁ፣ ከዚያ አንድ ነገር ለውጬ እንደገና እለካለሁ፤ መጀመሪያ የሚገኘው ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ አይቀርም።» ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት ይህን የሰማ ኃላፊ፣ ዝቅተኛውን ቁጥር የምርምሩ መነሻ አድርጎ ነው የሚያየው። ሳይሰማ በድንገት ቢያየው ግን የአንቺ ድክመት ሊመስለው ይችላል። በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያው መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠበቃል፤ ይህ ሥራ ከዚያ እንዲታሰብልሽ፣ ከኋላ ተቀምጦ እንዲያይልሽ ወደ ክፍልሽ ለምታስገቢው ባልደረባሽም የምልከታው ሰዓት እንዲቆጠርለት በዚያው ጠይቂ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኩርት ሌዊን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 ይህን ዓይነቱን ምርምር ሲገልጸው፣ ማቀድ፣ ማድረግ፣ ያደረጉትን መርምሮ ተመልሶ ማቀድ እያለ እንደ ደረጃ የሚዞር አድርጎ ነበር። ኮሌጅ የተማርሽው ትርጉም ከዚያ የተወረሰ ነው። ክፍል ውስጥ ሲገቡበት ግን ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በመዞሩ ላይ አይደለም፤ ገና ሳይዞር፣ መነሻው ላይ ነው። መፍትሔውን ይዘን እንገባለን። «ተማሪዎች አይሳተፉም፣ በቡድን አስተምራቸዋለሁ» እንላለን፤ ማን እንደማይሳተፍ፣ መቼ፣ ለየትኛው ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ግን አልቆጠርንም።

አንቺ «ስድስት ሰባት ልጆች» ብለሻል። ይህ ግምት ነው፤ ምናልባት ትክክል ይሆናል። ግን እስቲ ሦስት ነገር ራስሽን ጠይቂ። ዝም የሚሉት ልጆች ሁልጊዜ ያው ናቸው ወይስ እንደ ቀኑ ይለዋወጣሉ? «ስሙ ማን ይባላል?» ስትይና «ለምን ይመስላችኋል?» ስትይ ዝምታው እኩል ነው? ጥያቄሽን ጨርሰሽ መልስ እስክትቀበዪ ስንት ሰከንድ ትጠብቂያለሽ? ሦስተኛውን ከውስጥ ሆኖ መመለስ አይቻልም። እኔም አልቻልኩም።

የራሴን ልንገርሽ። 54 ተማሪዎች፣ 9ኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። የክፍሉን ወንበሮች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንደ ሳጥን ሣልኩ፤ በየሳጥኑ የልጁን ስም ሳይሆን ቁጥር ጻፍኩ። አንድ የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ከኋላ ተቀምጦ አራት ክፍለ ጊዜ ቆጠረልኝ። የመለሰ ልጅ ሳጥን ላይ ጭረት፣ እጁን አውጥቶ ላልተጠራ ነጥብ፣ እጁን ሳያወጣ ለጠራሁት መስቀል። ሌላ ምንም እንዳይጽፍ ለመንኩት፤ ሁለት ዓምድ ከጨመርን ጭረቱን ማሳደድ ያቅተዋል። ስልኬን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ የራሴን ድምፅ ቀዳሁ። ለተማሪዎቹ አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ የምመረምረው የራሴን አጠያየቅ ነው፣ ማርክ የለበትም፣ ቅጂውን ከእኔ በቀር ማንም አይሰማውም፣ ከዚያም ይጠፋል።

በአራቱ ክፍለ ጊዜ ለክፍሉ 52 ጥያቄ ጠይቄ ነበር። 14ቱ በጋራ ጩኸት ተመለሱ። ከቀሩት 38 መልሶች 31ዱን የሰጡት ሰባት ልጆች ናቸው፤ የቀሩትን ሰባት መልሶች ሌሎች አምስት ልጆች ተካፈሉ። 42 ልጆች በአራት ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። ይህ አሳዝኖኝ ነበር፤ ያስደነገጠኝ ግን ቅጂው ነው። ጥያቄዬን ጨርሼ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወይ አንዱን እጠራለሁ፣ ወይ ጥያቄውን ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ወይ ራሴ መልሱን እጀምርላቸዋለሁ። እኔ ግን በትዕግሥት የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብዙ ክፍሎች የቀዳችው ድምፅም ይህንኑ አሳይቷል፦ መምህራን በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያሳድጉት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ይጀምራሉ።

አየሽ፣ ጥያቄዬ በዚህ ተለወጠ። መጀመሪያ «ተማሪዎች ለምን አይሳተፉም?» ነበር። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ «አጠያየቄን እንዴት ብለውጥ ነው ያልተናገሩት ልጆች የሚናገሩት?» ሆነ። የተግባር ምርምር ጥያቄ ውስጥ የመምህሯ የራሷ ድርጊት መኖር አለበት፤ የልጆቹን የቤት ችግር ወይም የክፍሉን ብዛት ይዘሽ ብትነሺ እውነት ነገር ይዘሻል፣ ግን በአሥር ሳምንት የምትለውጪው ነገር አይደለም።

አንቺም ከዚህ ጀምሪ፤ ለመነሻው ቁጥር ሁለት ሳምንት ስጪው። አራት ክፍለ ጊዜ ስትመርጪ ግን የጅማን ወቅት አትርሺ። ይህን የምንጻጻፈው በኅዳር ነው፤ የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ከገጠር ቀበሌ የሚመላለሱ ልጆች ይጎድላሉ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ወላጆቻቸውን የሚረዱ ልጆች ካሉሽ የሐሙስ ክፍለ ጊዜሽ ሌላ ክፍል ይመስላል። አሁን ቆጥረሽ በጥር ብትደግሚው፣ የተሻሻለው አጠያየቅሽ ይሁን ወይስ ለቀማው ስላለቀ ልጆቹ ስለተመለሱ፣ መለየት አትችይም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ቆጠራ ቀን የቀሩትን ልጆች ሳጥን አጥቁሪው፣ በመጨረሻ ስታወዳድሪ በሁለቱም ጊዜ የነበሩትን ልጆች ብቻ አወዳድሪ።

ቁጥር ማን ዝም እንዳለ ይነግርሻል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርሽም። ለዚያ ልጆቹን ጠይቂ፤ በአደባባይ ሳይሆን ስም በሌለበት ቁራጭ ወረቀት። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩላቸው፦ «መልሱን እያወቃችሁ እጃችሁን ያላወጣችሁበትን ቀን አስታውሱ። ምን ከለከላችሁ?» በፈለጉት ቋንቋ እንዲጽፉ ፈቀድኩ። አብዛኞቹ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ ጥቂቶቹ በአማርኛ ተምረው 9ኛ ክፍል ላይ በድንገት እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡ ናቸው። አፋን ኦሮሞ የተጻፈውን እኔ በደንብ ያልተረዳሁትን የቋንቋው መምህር አነበበልኝ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን እንዳያውቅ የሌላ ክፍል መምህር መረጥኩ።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመመሳሰላቸው ስከምራቸው ሦስት ክምር ሆኑ። አንደኛው ክምር ቋንቋ ነበር፤ «መልሱን አውቀዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሩን እስክሠራው ድረስ አልችልም» የሚል። ሁለተኛው ሳቅ ነበር፤ ሲሳሳቱ የሚስቁባቸውን ይፈራሉ። ሦስተኛው «እያሰብኩ እያለ ሌላው ይመልሰዋል» የሚል። ያልተጠበቀው ነገር፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ የምናገረው «አታጠኑም» የሚለው ምክንያት ከሁለት ወረቀት በላይ አልነበረም። እርግጥ ልጆች «አላጠናሁም» ብለው ለመምህር ይጽፋሉ ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ብቻውን አላመንኩትም። ሦስተኛው ክምር ከድምፅ ቅጂው ጋር ስለገጠመ ግን ከዚያ ልጀምር ወሰንኩ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ሁለት የተለያዩ መረጃዎች ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ እዚያ እግርሽን ትከዪ።

እዚህ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ትፈተኛለሽ። ተይው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። እኔ በመጀመሪያው ዙር ያደረግሁት ከጥያቄ በኋላ በልቤ እስከ አራት መቁጠር ብቻ ነበር። ለተማሪዎቹም ሕጉን ነገርኳቸው፤ ቆጥሬ እስክጨርስ ማንም እጁን አያወጣም። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ አራት ሰከንድ በ54 ልጅ ፊት ሲቆሙበት ዘመን ይመስላል። በየቀኑ ከክፍል እንደወጣሁ አምስት መስመር ብቻ እጽፍ ነበር፤ ዛሬ ቆጥሬያለሁ ወይስ ተዘናግቻለሁ፣ ምን ሆነ። ይህን አምስት መስመር ንቀሽ አትተዪው። ያሰብሽውን ነገር በትክክል አድርገሽው እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። ከእኔ የሁለተኛ ሳምንት መስመሮች በሦስቱ ቀን «ረሳሁት» ይላል። ባላደረግሁት ነገር ውጤት ልለካ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መዳፌ ላይ «4» ብዬ በእስክርቢቶ መጻፍ ጀመርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ተመልሶ አራት ክፍለ ጊዜ ቆጠረ። ከ12 ይልቅ 17 ልጆች ተናገሩ። መልሶቹ ረዘሙ፤ በአንድ ቃል ይመለስ የነበረው በዓረፍተ ነገር መጣ። ደስ አለኝ። ንድፉን ሳየው ግን አዲሶቹ አምስቱ ከሦስተኛው ረድፍ ወደፊት የተቀመጡ ናቸው፤ ከኋላ ሁለቱ ረድፎች አንድም ጭረት የለም። መጠበቅ የነካው ሦስተኛውን ክምር ብቻ ነው። ቋንቋው የከበደው ልጅ አራት ሰከንድ ተጨመረለት እንጂ ቃል አልተጨመረለትም፤ ሳቅ የሚፈራውም ረዘም ላለ ጊዜ ፈራ እንጂ ፍርሃቱ አልቀነሰም።

ብዙ ሰው የመጀመሪያው ዙር እንዳሰበው ሳይሆን ሲቀር ምርምሩ የከሸፈ ይመስለዋል፤ ወይም ቁጥሩን አሳምሮ ዘግቦ ያቆማል። እኔ ግን ሁለተኛውን ዙር ያገኘሁት ከዚያ ባዶ ረድፍ ነው። መጠበቁን ሳልተው ከጥያቄው በኋላ አንድ ደቂቃ ሰጠሁ፤ በዚያ ደቂቃ ከጎን ጓደኛ ጋር በፈለጉት ቋንቋ ይነጋገራሉ። ከዚያ የወንበር ቁጥር ከተጻፈባቸው ወረቀቶች አንዱን ከጣሳ አውጥቼ የደረሰው ልጅ «እኔና ጓደኛዬ የተነጋገርነው» ብሎ ይናገራል፤ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ፣ ከዚያ አብረን ወደ እንግሊዝኛ እናመጣዋለን። ስሕተት ቢሆን የሁለት ሰው አሳብ ስለሆነ አንዱ ብቻውን አይሳቅበትም።

አሁን ልብ በዪ፤ በእኔ ላይ የደረሰ ስሕተት በአንቺም ላይ እንዳይደርስ ነው። በዚህ ዙር መጨረሻ ባልደረባዬ ሲቆጥር የተናገሩት ልጆች 29 ሆኑ። ልጨፍር ደርሼ ነበር። እርሱ ግን ወረቀቱን እያየ «ከጣሳ ቁጥር እያወጣሽ እኮ ነው፤ የግድ ብዙ ልጅ ይናገራል» አለኝ። እውነቱን ነው። የምለካው ነገር በድርጊቴ ብቻ የሚያድግ ከሆነ ምንም አልለካሁም። የተናጋሪው ብዛት በመጀመሪያው ዙር ጥሩ መለኪያ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ግን መለኪያ መሆኑ ቀረ።

ያዳነኝ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጎን የያዝኩት ሌላ መለኪያ ነው። ከመነሻው በፊት ስድስት ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም «ለምን» የሚሉ፣ ሁሉም በዚያ መንፈቀ ዓመት ከምናስተምረው። ለምሳሌ አንዱ «ጎመን ከትፈን ጨው ስንነሰንስበት ለምን ውኃ ያወጣል?» የሚል ነበር፤ ስለ ኦስሞሲስ ነው። የትኛው ጥያቄ መቼ እንደሚሰጥ ባልደረባዬ በዕጣ መረጠልኝ፤ ሳላውቀው ቀላሎቹን ለመጨረሻ እንዳላስቀር። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሁሉም በቁራጭ ወረቀት በፈለጉት ቋንቋ ይመልሳሉ፤ ማርክ የለውም። እቤቴ ሄጄ በሦስት እከምረዋለሁ፦ ምክንያቱን የያዘ፣ ግማሹን የያዘ፣ ያልያዘ። የ54 ልጅ ወረቀት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። በመነሻው በሁለቱም ቀን 50 ልጆች ተገኝተው በአማካይ ምክንያቱን የያዙት 17 ነበሩ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከ51 ልጆች 20፣ ከሁለተኛው በኋላ ከ52 ልጆች 29 ሆኑ። ይህ ቁጥር ከጣሳ አይወጣም።

በዘገባዬ ላይ ግን «ጥንድ ውይይት የተማሪን ውጤት ያሻሽላል» ብዬ አልጻፍኩም። የጻፍኩት «በዚህ ክፍል፣ በእነዚህ ሳምንታት፣ ከዚህ ለውጥ በኋላ ይህን አየሁ» የሚል ነው። ልጆቹ በጥር ከኅዳር ይልቅ እንግሊዝኛውን ትንሽ ለምደው ይሆናል፤ ያንን ልነጥለው አልችልም። ሌሎች ያጋጠሙኝንም ጻፍኩ፤ በክፍለ ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ከ13 ወደ 8 ወረደ፣ አንድ ምዕራፍ ወደኋላ ቀረሁ፣ የጎረቤት ክፍል መምህር ስለ ጩኸቱ ሁለት ጊዜ በር አንኳኳብኝ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ውጤት ካለፈው ዓመት ብዙም አልተለየም፤ ፈተናው በአብዛኛው ስም አስታውሶ መምረጥ ስለሚጠይቅ አልገረመኝም፤ ሆኖም ሳልደብቅ አሰፈርኩት። የምትፈሪውን ምዘና በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ዘገባ ያየ ሱፐርቫይዘር የጠየቀኝ ስለ ዝቅተኛው መነሻ ሳይሆን ጣሳውን ከየት እንዳገኘሁት ነበር።

የአንቺ ክፍል የእኔ አይደለም። ከወረቀቶቹ ቋንቋ ጨርሶ ላይወጣ፣ በምትኩ ያላሰብሽው ክምር ሊወጣ ይችላል፤ ለምሳሌ ሴቶቹ ከወንዶቹ ፊት መናገር የሚያፍሩ ከሆነ ክምሩ ያንን ይነግርሻል፣ የአንቺም ለውጥ ሌላ ይሆናል። የእኔን ጣሳ ሳትቆጥሪ አትውሰጂው፤ ያ ደግሞ የባልደረባሽን ወረቀት ከመውሰድ ብዙ አይለይም። ጊዜሽ ይበቃል። ሁለት ሳምንት ለመነሻው፣ አንድ ሳምንት ለወረቀቶቹና ለማሰብ፣ ሦስት ሳምንት ለመጀመሪያው ለውጥ፣ ከዚያ ቆጠራና አንድ እሑድ ከሰዓት ንድፉን ይዞ መቀመጥ፣ ሦስት ሳምንት ለሁለተኛው። የገናና የጥምቀት ቀናትን ስትቀንሺ ጥር አጋማሽን አልፎ ይገባል፤ ሁለተኛው ዙር ባያልቅ አንደኛውን ዙርና ለሁለተኛው ያሰብሽውን አቅርቢ፤ ይበቃል። በምታስተምሪያቸው ክፍሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲህ መሥራት የሚከብድሽ ከመሰለሽ ከክፍሎችሽ በዚህ በአንዱ ብቻ ሥሪ፣ በሌሎቹ እንደ ልማድሽ ቀጥዪ።

የሚቆጥርልሽን ሰው ስትመርጪ የሚፈርድብሽን አትምረጪ። ያ ወረቀቱን የሰጠሽ ባልደረባሽስ? ክፋት ያለው ሰው አልመሰለኝም፤ እርሱም አንድ ጊዜ እውነተኛውን መሥራት ፈልጎ ብቻውን ሆኖበት ይሆናል። «ወረቀትህን አልወስድም፣ ግን አራት ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠህ ጭረት ትስልልኛለህ?» ብትይው ምን የሚል ይመስልሻል?

አሁን ወደዚያች ልጅ። ከጣሳም ቢሆን ቁጥሯ ሊወጣ ስለሚችል ምንም ከመጀመርሽ በፊት ለብቻዋ አነጋግሪያት፤ በዕረፍት ሰዓት፣ ከክፍል ውጪ፣ ቆመሽ ሳይሆን ጎኗ ተቀምጠሽ። ይቅርታ ጠይቂያት። ለምን እንዳለቀሰች አትጠይቂያት፤ ልትነግርሽ ከፈለገች ትነግርሻለች። ከዚያ ለክፍሉ ሁሉ የምታወጪውን አንድ ሕግ አስቀድመሽ ለእርሷ ንገሪያት፦ ቁጥሩ የወጣ ልጅ «ልለፍ» ማለት ይችላል፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ ማርክ አይቀነስበትም። እኔ ያንን ሕግ ያወጣሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ብዙ ልጅ «ልለፍ» ይላል፤ ያንንም ቁጠሪው፣ ሳምንት በሳምንት እየቀነሰ ከሄደ አንድ ነገር ይነግርሻል።

ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ የአቀማመጥ ንድፉን አንድ ቅጂ ስጫትና አንድ ክፍለ ጊዜ ከተቀመጠችበት ሆና ጭረት እንድትስል ጠይቂያት። ከኋላ ረድፍ ሆና የምታየውን፣ አንቺ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመሽ አታዪውም። የእርሷን ወረቀት ከባልደረባሽ ወረቀት ጎን አስቀምጪና የት የት እንደሚለያዩ ተመልከቺ፤ ከዚያም ጻፊልኝ።